1:45 ወጥታ 1:15 የተመለሰችው

ኅዳር 2017 መጀመሪያ ላይ ነው። ቢሮአችን ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የምንሠራው አሜሪካ ላሉ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች የሠራተኛ ሰዓት መመዝገቢያ ሶፍትዌር ነው። ሠራተኛዋ ስትገባ በር ላይ ያለውን ታብሌት ትነካለች፣ ለእረፍት ስትወጣና ስትመለስም ትነካለች፤ ደመወዟ ከዚያ ይሰላል። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ የአገራችን ሰዎች ስለሆኑ የእርዳታ ስልኩን በአማርኛ እናነሳለን። ያን ቀን ተራው የእኔ ነበር።

«ልጄ፣ ከሜሪላንድ ነው የምደውለው» አሉኝ። «አንድ ሌሊት ሙሉ አድሬ አንድም ሰዓት አልተከፈለኝም። ዜሮ ነው የሚለው።»

«የትኛው ሌሊት ነው እትዬ?»

«ሰዓት የተለወጠበት ሌሊት ነዋ።»

ሰዓት እንደሚለወጥ አላውቅም አልልም። ዘመድ አሜሪካ ያለው የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ «ሰዓት ቀየሩ» ሲባል ይሰማል፤ ዋሽንግተን ከእኛ በበጋቸው በ7፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እኛ ግን ሰዓታችንን ነክተን አናውቅም፤ ዓመቱን ሙሉ ዩቲሲ ከሚባለው የዓለም መነሻ ሰዓት በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ ለውጡን የማውቀው ለስልክ ጥሪ ነው እንጂ ለምጽፈው ኮድ አልነበረም። የሴትየዋን መዝገብ ከፈትኩ። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ሰዓት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ስክሪኑ ላይ እንዳየሁት ነው።

ቅዳሜ ኖቬምበር 2 ቀን 2024 ማታ 23:00 ገብተዋል። ለእረፍት 1:45 ወጥተዋል። ከእረፍት 1:15 ተመልሰዋል። እሑድ ጠዋት 7:00 ወጥተዋል። የእረፍቱ ርዝመት የሚለው ዓምድ ላይ 23:30 ተጽፏል።

አንድ ሰው የ23 ሰዓት ተኩል እረፍት ከ8 ሰዓት ፈረቃ ላይ ሲቀነስበት ውጤቱ ከዜሮ በታች ይሆናል፤ ፕሮግራማችን ደግሞ ከዜሮ በታች የሆነውን ዜሮ ያደርገዋል። የ23:30ን ምንጭ ለማግኘት ሩብ ሰዓት አልፈጀም። እረፍቶችን ስንመዘግብ ቀኑን ትተን ሰዓትና ደቂቃውን ብቻ እናስቀምጥ ነበር። በእኩለ ሌሊት ዙሪያ የሚወጡትን ለማስተናገድ ከዓመታት በፊት «መመለሻው ከመውጫው ካነሰ 24 ሰዓት ጨምር» የሚል መስመር ገብቷል። 23:50 ወጥቶ 0:20 ለሚመለስ ሰው ይሠራል። ለእትዬ ግን የ30 ደቂቃ እረፍታቸውን ወደ አንድ ሙሉ ቀን ለመጠጋት አበቃው።

በእውነት የሆነው ይህ ነው። በዚያ ሌሊት የምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት 2:00 ሊሞላ ሲል ተመልሶ 1:00 ይሆናል፤ እኛ ጋ ያኔ በራሳችን አቆጣጠር እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ስለዚህ ከ1:00 እስከ 1:59 ያለው እያንዳንዱ ደቂቃ ሁለት ጊዜ ይመጣል። እትዬ በመጀመሪያው 1:45 ወጥተው በሁለተኛው 1:15 ተመለሱ። በዩቲሲ ሲታይ 05:45 ወጥተው 06:15 ተመልሰዋል፤ ልክ 30 ደቂቃ።

የቡድን መሪያችን አጠገቤ ቆማ ስታይ ቆየችና «የእሳቸውስ ታወቀ፤ የሌሎቹስ?» አለች።

እኔ የእሳቸውን እረፍት አስተካክዬ ልዘጋው ነበር። እሷ ያየችው ሌላ ነገር ነው፤ እረፍቱን ብናስተካክልም ፈረቃው ራሱ 8 ሰዓት ነው የሚለው። ከ23:00 እስከ 7:00 በግድግዳ ሰዓት 8 ነው፤ በዚያ ሌሊት ግን ሰው ቆሞ የሠራው 9 ሰዓት ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ ለሠራው ሰዓት ሁሉ እንዲከፈለው ስለሚያዝ ዘጠነኛው ሰዓት ገንዘብ ነው። በዚያ ቤት የዚያን ሌሊት 11 ሰዎች አድረዋል። ዘጠኙ እረፍታቸውን በ3:00 ወይም በ4:00 አካባቢ ስለወሰዱ መዝገባቸው ንጹሕ መስሎ 7 ሰዓት ተኩል ተከፍሏቸዋል፤ የሠሩት 8 ሰዓት ተኩል ነው። ከዘጠኙ አንድም የደወለ አልነበረም። ዜሮው ጮኾ ባይነግረን የእነሱ አንድ ሰዓት በየዓመቱ እንዲሁ እየቀለጠ ይቀር ነበር፤ ይህን ሳስብ አሁንም ይከፋኛል።

ፈረቃውን የምናሰላው ጊዜውን ከሰዓት ክልሉ ጋር አያይዘን ነበርና ይህ እንዴት ሊያመልጠን እንደቻለ መጀመሪያ አልገባኝም። ላፕቶፔ ላይ ይህን ጻፍኩ፦

```python
from datetime import datetime, timezone
from zoneinfo import ZoneInfo

ny = ZoneInfo("America/New_York")
a = datetime(2024, 11, 2, 23, 0, tzinfo=ny)
b = datetime(2024, 11, 3, 7, 0, tzinfo=ny)
u = timezone.utc

print(b - a)                              # 8:00:00
print(b.astimezone(u) - a.astimezone(u))  # 9:00:00
```

ፓይተን ሁለቱ ጊዜዎች አንድ ዓይነት `tzinfo` ከያዙ የሚቀንሰው የግድግዳውን ሰዓት ነው፤ በመካከል ሰዓት መለወጡን አይጠይቅም። ስህተት አይደለም፣ ሰነዱ ላይ የተጻፈ ባሕርይው ነው። እኛ ግን የሰዓት ክልል ስላስገባን ብቻ የቀረውን እሱ ያውቅልናል ብለን አምነን ነበር። ያለፈ ጊዜ ርዝመት የሚሰላው ሁለቱም ጫፎች ወደ ዩቲሲ ከተቀየሩ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ከዚህ የባሰ ነበር። የድሮዎቹን መዝገቦች ወደ ዩቲሲ ለመቀየር ስንነሳ ታብሌቱ የላከልን `2024-11-03 01:45` የሚል ጽሑፍ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የትኛው 1:45 እንደሆነ ጽሑፉ ውስጥ የለም። የሥራ ባልደረባዬ በዳታቤዛችን በፖስትግሬስ `AT TIME ZONE 'America/New_York'` ብሎ ቀየረው፣ እኔ በፓይተን ቀየርኩት፤ የሁለታችን ውጤት በአንድ ሰዓት ተለያየ። ማን እንደተሳሳተ ስንከራከር ምሳ ሰዓት አለፈ። ማናችንም አልተሳሳትንም። ሁለት ጊዜ የሚመጣ ሰዓት ሲሰጠው ፓይተን ካልተነገረው በስተቀር የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ ፖስትግሬስ ደግሞ የሁለተኛውን፣ ማለትም የመደበኛውን ሰዓት። ለ1:45 ፓይተን 05:45 ዩቲሲ ሲል ፖስትግሬስ 06:45 ይላል። ሁለቱም ማስጠንቀቂያ አይሰጡም። አንዱን ክፍል በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው የሚሠራ ሥርዓት ካለ አንድ መዝገብ ሁለት እውነት ይኖረዋል ማለት ነው።

ያዳነን የሰርቨሩ የመቀበያ ጊዜ ነው። እያንዳንዱ መዝገብ የደረሰበት ቅጽበት ምንም በማያሻማ `timestamptz` በሆነ ዓምድ ይያዝ ነበርና የእትዬ መውጫ 05:45፣ መመለሻቸው 06:15 ላይ እንደደረሰ አየን። ከ11ዱ አንዱ ሰው የነካው ታብሌት ግን በዚያ ሌሊት ኢንተርኔት ተቋርጦበት መዝገቦቹን ጠዋት በአንድ ላይ ነው የላከው። ለእሱ ከዳታው የሚወጣ ምንም ነገር ስላልነበረ የፈረቃ ኃላፊዋን ጠይቀን በእጅ አስገባን። ጽሑፉ ሲወለድ የጎደለውን በኋላ በስሌት መመለስ አይቻልም። አሁን ታብሌቱ ራሱ ከግድግዳው ሰዓት ጋር ከዩቲሲ ያለውን ልዩነት ይልካል፦ `2024-11-03T01:45:00-04:00`። በሁለተኛው ዙር ቢሆን መጨረሻው `-05:00` ይሆን ነበር። ስክሪን ላይም በሰዓቱ አጠገብ የመጀመሪያው ከሆነ `EDT`፣ ሁለተኛው ከሆነ `EST` እናሳያለን፤ የደመወዝ ሠራተኛዋ 1:45 ወጥቶ 1:15 መመለስን እንደ ስህተት እንዳትሰርዘው።

ከዚያ ሁሉ በኋላ መሪያችን የጠየቀችው በማርች ስለሚደረገው ለውጥ ነው። ሰዓቱ ወደፊት ሲዘል ከ2:00 እስከ 2:59 ያለው ጨርሶ አይመጣም፤ ከ1:59 ቀጥሎ 3:00 ነው። ማንም በ2:30 ታብሌት ሊነካ ስለማይችል በመግቢያና መውጫ በኩል ፈረቃው 7 ሰዓት መሆኑን ማስላት ይበቃል። ችግሩ የታቀደ ሰዓት ላይ ነው። ከመንከባከቢያ ቤቶቹ አንዱ ከአልጋ የማይነሱ ሰዎችን በየሁለት ሰዓቱ ለማገላበጥ በ0:30፣ በ2:30፣ በ4:30 ማስታወሻ አስገብቷል። በዚያ ሌሊት የ2:30 ማስታወሻ ምን ይሁን? ፓይተን 2:30ን ሳያንገራግር ይቀበልና ወደ ዩቲሲ ወስዶ ሲመልሰው 3:30 ያደርገዋል። ስለዚህ መጀመሪያ እንዲህ ያለውን ሰዓት የሚለይ አጭር ፈንክሽን ጻፍን፦

```python
def kind(dt):
    x = dt.replace(fold=0).utcoffset()
    y = dt.replace(fold=1).utcoffset()
    if x == y:
        return "once"
    return "twice" if x > y else "never"
```

`fold` ፓይተን ውስጥ የመጀመሪያውን ዙር ከሁለተኛው የሚለይ ምልክት ነው። ሁለቱ መልሶች አንድ ከሆኑ ሰዓቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ነው፤ ከተለያዩ ወይ ሁለቴ ይመጣል ወይ አይመጣም።

መለየቱ ቀላሉ ነው፤ ምን እናድርግ የሚለውን ግን ኮዱ አይመልሰውም። ደንበኛውን ደውለን ጠየቅን፤ ያነጋገረችን ነርስ ወዲያው ነው የመለሰችው። ማገላበጥ የሚቆጠረው ካለፈው ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ከ0:30 በኋላ እውነተኛው ሁለት ሰዓት የሚሞላው በ3:30 ነው፣ የሚቀጥለው ደግሞ በ5:30 እንጂ በ4:30 አይደለም። ስለዚህ ይህን ዓይነቱን ማስታወሻ ከግድግዳ ሰዓት አውጥተን በዩቲሲ ሁለት ሁለት ሰዓት እየጨመርን እንቆጥረዋለን። «በየሌሊቱ 2:30 የበሩን መቆለፍ አረጋግጥ» የሚለው ግን የግድግዳ ሰዓት ጉዳይ ነውና የሌለው 2:30 ወደ 3:30 ይገፋል። በጥቅምቱ ሌሊት ደግሞ በ1:30 የተያዘ የዕለት ማስታወሻ በመጀመሪያው ዙር ብቻ ይደውላል፤ ተልኳል የሚለውን ምልክት የምናስቀምጠው በማስታወሻው ቁጥርና በአካባቢው ቀን ስለሆነ በሁለተኛው ዙር አይደገምም።

የወደፊት ዕቅዶችን በዩቲሲ አናስቀምጥም፤ የአካባቢውን ሰዓትና `America/New_York` የሚለውን ስም ነው የምንይዘው። መንግሥታት የለውጡን ቀን ይቀይራሉ፤ አሜሪካም በ2007 እ.ኤ.አ. የበጋውን ሰዓት አርዝማ መጀመሪያውን ወደ ማርች ሁለተኛ እሑድ፣ መጨረሻውን ወደ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ አምጥታለች። አስቀድሞ ወደ ዩቲሲ የተቀየረ ዕቅድ እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ በአንድ ሰዓት ተዛብቶ ይቀራል።

ለእትዬ ልዩነቱ በሚቀጥለው ደመወዝ ገባላቸው፤ ለሌሎቹም እንዲሁ። ደውዬ ስነግራቸው «ዘጠነኛዋንም ቆጠራችኋት?» አሉኝ። «ቆጥረናታል እትዬ፣ 8 ሰዓት ተኩል ነው የተከፈለዎት።» «በል ተባረክ» ብለው ወደ ፈረቃቸው ሊገቡ ዘጉት።

የካቲት 30 ቀን 2017፣ እሑድ፣ ቢሮ ገባሁ። የዘበኛው ሬዲዮ ከታች ይሰማል፣ ጎዳናው ጭር ብሏል። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 4 ሰዓት ሲሞላ ስክሪኑ ላይ የሜሪላንድ ሰዓት ከ1:59 ወደ 3:00 ዘለለ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። በ3:30 ማስታወሻው ወጣ፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ አንዲት ሠራተኛ «ተገላብጠዋል» የሚለውን ነካች።