ባዶውን ሮቶ አይቼ ሙሉውን ረሳሁት

ኮምቦልቻ ውስጥ ግቢያችን የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ገዛሁ። በያጅ ጠርቼ በቱቦላሬ ባለ አራት እግር፣ ከፍታው ሦስት ሜትር የሆነ ማማ አሠራሁ። ላዩ ላይ ጣውላ ያለ ክፍተት አስደረደርኩ፤ የፕላስቲክ ወለል ክፍተት ካገኘ ይረግባልና። እዚህ ድረስ ምንም ችግር አልነበረም።

ሮቶውን ማማው ላይ ያወጡት አራት የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ እየሳቁ ነው ያወጡት። ዛሬ ሳስበው ያሳሳተኝ ያ ሳቅ ነው። ባዶው ሮቶ 120 ኪሎ ገደማ ነው። እኔም በያጁም አእምሯችን ውስጥ የቀረው ይኸው ክብደት ነበር። እግሮቹ ሥር 20 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብረት ተበየደና፣ ስስ ኮንክሪት ላይ አቆምነው። ኮንክሪቱ ያረፈው ዋልካ ላይ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ማማ መኪና ይሸከማል» አለኝ በያጁ። እውነቱን ነው፣ ብረቱ ይሸከም ነበር። መሬቱን ግን ማን ጠየቀው?

ፈቃድ የሰጠኝ ባለሙያም ቁመቱን ብቻ ጠይቆ ማህተሙን መታ። ክብደት የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። እስከዛሬ ያናድደኛል።

ሐምሌ ላይ፣ ሮቶው ሞልቶ ካደረ በኋላ፣ ጠዋት መውጫ ቧንቧው መገጣጠሚያው ላይ ሲያንጠባጥብ አገኘሁት። አጥብቄ ሄድኩ። በማግስቱም ያንጠባጥባል። ሦስተኛው ቀን ከሩቅ ቆሜ ሳየው ሮቶው ወደ አጥሩ አዘንብሏል። ቱምቢ ስንጥል ማማው ከላይ ስድስት ሳንቲ ሜትር ወጥቷል። አንዱ እግር ሰምጧል። ለካ የትርፍ ውሃ ማፍሰሻው የሚወርደው እዚያው እግር ሥር ነበር።

ከዚያ የሠራሁት ስህተት ከሁሉም ይብሳል። ደነገጥኩና ሮቶውን ለማቃለል መክፈቻውን ከፈትኩት። ውሃው የት ፈሰሰ? እዚያው እግር ሥር። በዓይኔ እያየሁ ሌላ ሁለት ሳንቲ ሜትር ወረደ። ቱቦ ገጥሜ ወደ መንገዱ ቦይ መውሰድ ነበረብኝ። እናቴ በረንዳ ላይ ሆና «ልጄ፣ ከሥሩ ራቅ!» እያለች ስትጮህ አሁንም ይሰማኛል።

ማታ ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። ቀድሞ መሥራት የነበረብኝ ሒሳብ ይኸው ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ውሃው ብቻ 5,000 ኪሎ። ሮቶው 120። ብረቱና ጣውላው ተደምረው 380 ገደማ። ድምሩ 5,500 ኪሎ፣ ማለትም 55 ኩንታል። እህል በኩንታል ለለመደ ሰው ይሄ ይገባዋል፦ 55 ጆንያ ጤፍ በአራት እግር ላይ። ለአራት ሲካፈል ለአንድ እግር 1,375 ኪሎ ይደርሳል።

የእግሩ ብረት 400 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ስሱ ኮንክሪት ተሰነጣጥቆ ስለነበር ጭነቱን አላሰፋውም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ያርፋል ማለት ነው። ውሃ ከጠጣ ዋልካ እኔ ግማሽ ኪሎ እንኳ አላምንም። ደግሞ አንዱ እግር ሲሰምጥ በሰያፍ ትይዩው ያለው እግርም ጭነቱ ይቀንሳል፤ የቀሩት ሁለቱ ሙሉውን ሊካፈሉት ይችላሉ። ያኔ ለአንዱ 2,750 ኪሎ ይደርሰዋል። «ለአራት አካፍል» የሚለው ሒሳብ መሬቱ እኩል ሲይዝ ብቻ የሚሠራ ነው።

እንደገና አሠራሁት። ሮቶው ወረደ፣ ማማው ተነሳ። ዋልካውን ቆፍረን አስወጥተን ጠንካራው መሬት ላይ ስንደርስ፣ ለእያንዳንዱ እግር 70 በ70፣ ውፍረቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፌሮ ያለው አርማታ ሞላን። የአርማታው ክብደት ራሱ ወደ 590 ኪሎ ነው፤ እሱም ይደመራል። ሁሉም ተደምሮ በካሬ ሳንቲ ሜትር 0.4 ኪሎ ገደማ ሆነ። የትርፍ ውሃውን ቧንቧ አርዝሜ ከአጥር ውጭ ወደ ቦዩ አስገባሁት።

ሻጩ «አንዴ ሞልተህ ሞክረው» ብሎኝ ነበር። እኔ አልስማማም። ሩቡን ሞላሁ፣ አሳደርኩት፣ በቱምቢ ለካሁ። ከዚያ ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት አራተኛ፣ ከዚያ ሙሉ። አራት ቀን ፈጀብኝ። ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ።

አሁን በየክረምቱ መጀመሪያ ቱምቢውን አውጥቼ እጥላለሁ። ዘንድሮ ከላይ እስከ ታች ክሩ እግሩን ታክኮ ወረደ።