ሱቁ አተረፈ፤ የባለቤቱ ሰዓትስ?

የሰፈር ሱቆችን ሂሳብ ስሠራ ከባለቤቶቹ የሚቀርብልኝ ጥያቄ «በወር ስንት አተረፍኩ?» የሚል ነው። ይህን ለመመለስ ደረሰኝ፣ የሽያጭ መዝገብና የዕቃ ቆጠራ ይበቃሉ። «እዚህ ሱቅ ውስጥ መዋሌ ያዋጣኛል ወይ?» የሚለውን ግን መዝገቡ አይመልስም። የመጀመሪያው የሂሳብ ትርፍ ነው፤ ሁለተኛው ኢኮኖሚያዊ ትርፍ ይባላል። ልዩነቱን አስቀድሞ የሚነግራቸው ባለማግኘታቸው ብቻ ዓመታት ሱቅ ውስጥ የሚያልፉባቸው ሰዎች ስላሉ የማሰላበትን መንገድ እዚህ አስቀምጣለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ በራስ ቤት ፊት ለፊት የተከፈተ አንድ ሱቅ እንውሰድ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። የወር ሽያጩ 400,000 ብር፣ የተሸጠው ዕቃ የተገዛበት ዋጋ 340,000 ብር ነው። ለተቀጣሪው ልጅ ደመወዝ፣ ለመብራት፣ ለመርካቶ ትራንስፖርት፣ ለፌስታል፣ ለተበላሸ ዕቃና ለፍሪጁ የእርጅና ቅናሽ በድምሩ 16,000 ብር ይወጣል። የሚቀረው 44,000 ብር ከግብር በፊት ያለ የሂሳብ ትርፍ ነው። እዚህ ላይ የምጠነቀቀው ለአንድ ነገር ነው፦ ለቤት ፍጆታ ከመደርደሪያ የተነሳው ዘይትና ስኳር በተገዛበት ዋጋ ተመዝግቦ የባለቤቱ ወጪ ተብሎ ለብቻ መቀመጥ አለበት። አለበለዚያ ተሸጦ ያለቀ ዕቃ ይመስልና ትርፉን ያሳንሰዋል።

ከ44,000 ብሩ ላይ ማንም ደረሰኝ የማይቆርጥላቸውን ስውር ወጪዎች እቀንሳለሁ። ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ቀላል ናቸው።

የመጀመሪያው ክፍሉ ነው። ቤቱ የራስ ስለሆነ ኪራይ አይከፈልበትም፤ ግን በዚያው መንገድ ላይ ተመሳሳይ ክፍል በ11,000 ብር ከተከራየ፣ ባለቤቱ በየወሩ 11,000 ብር ትቷል ማለት ነው። ዋጋውን ከደላላ አልቀበልም፤ በቅርቡ የተከራየን ጎረቤት እጠይቃለሁ። ደላላ የሚነግራችሁ የተጠየቀውን ዋጋ ነው፤ እኛ የምንፈልገው የተከፈለውን ነው።

ሁለተኛው በዕቃ፣ በዱቤና በፍሪጅ ላይ ያለው የራስ ገንዘብ ነው። ብድር ካለ ወለዱ አስቀድሞ ወጪ ሆኖ ስለተያዘ እዚህ የሚቆጠረው የራስ ድርሻ ብቻ ነው፤ ሁለቴ መቀነስ የለበትም። ፍሪጁንና መደርደሪያውን ዛሬ ቢሸጡ በሚያወጡት ዋጋ እገምታለሁ እንጂ መዝገብ ላይ በቀረላቸው ዋጋ አይደለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ መዝገብ ላይ ዋጋው ወደ ዜሮ የተጠጋ ፍሪጅ ከተገዛበት በላይ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። በዚህ ሱቅ ጠቅላላው 800,000 ብር ነው እንበል። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በ2010 ዓ.ም. 7 በመቶ ተደርጎ ነበር፤ እኔ ግን በእሱ አላሰላም። ይህን ያህል ገንዘብ ያለው ሰው ባንክ ሄዶ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ላይ ወለድ መደራደር ይችላል። ባንኩ 12 በመቶ ካቀረበለት በዓመት 96,000፣ በወር 8,000 ብር ይሆናል።

44,000 ሲቀነስ 11,000፣ ሲቀነስ 8,000፤ የሚቀረው 25,000 ብር ነው። የባለቤቱ ጉልበት የሚከፈለው ከዚህ ነው።

ነገሩ የሚበላሸው ሦስተኛው ላይ ነው፤ ለዚህም አማካሪዎችን እወቅሳለሁ። በአነስተኛ ንግድ ሥልጠናዎች ላይ «ለራሳችሁ ደመወዝ ቁረጡ» ይባላል፤ ስንት እንደሆነ ግን አይነገርም። ባለሱቁም ቤት ሄዶ ደስ ያለውን 5,000 ወይም 6,000 ብር ይጽፋል፤ ቀሪውን ትርፍ ይለዋል። ይህ ገንዘቡን ከአንድ ኪስ ወደ ሌላ ኪስ ከማዛወር አያልፍም። የግል ነጋዴ ከካዝናው የሚያነሳው ገንዘብ ስሙ ደመወዝ ቢባልም ባይባልም ከትርፉ የወጣ ነው። አንዳንድ የሂሳብ ባለሙያዎች ደግሞ በተቃራኒው «የራስህ ጉልበት ወጪ አይደለም» ብለው ይዘጉታል። ለግብር ማስታወቂያ ልክ ናቸው፤ እዚያ ላይ እንዳታስገቡት። ሱቁን ልቀጥል ወይስ ልተው ብሎ ለሚያስብ ሰው ግን ትልቁን ወጪ ሰርዘውበታል።

እኔ የምጀምረው ከሰዓቱ ነው፤ ገንዘቡ በኋላ ይመጣል። ባለቤቱ ካዝናው አጠገብ ደብተር ያስቀምጥና ሱቅ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት ይጽፋል። መርካቶ የሄደበት፣ ማታ ሂሳብ የደመረበት፣ ለአከፋፋይ የደወለበት ሁሉ ይገባል። የበዓል ሰሞን ሽያጩም ሰዓቱም ስለሚያብጥ ለዚህ አይሆንም። አንድ ተራ ሳምንትና አንድ የጾም ሳምንት ቢያዝ ይሻላል፤ በጾም ወተትና እንቁላል ስለማይሄድ ሱቁ ተከፍቶ ሽያጩ ይቀንሳልና። ደንበኛ እስኪመጣ ባዶ ሱቅ ውስጥ የተቀመጠበትን ሰዓት መቁጠር አለብኝ ወይ ብለው ይጠይቁኛል። አዎ፣ ሙሉ በሙሉ። ሱቁን ጥሎ መሄድ እስካልቻለ ድረስ ያ ሰዓት ተሸጧል።

ጠዋት 1 ሰዓት ተከፍቶ ማታ 3 ሰዓት የሚዘጋ ሱቅ ባለቤት ምሳውንና እረፍቱን ቀንሶ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ 11 ሰዓት፣ እሑድ 6 ሰዓት ቢሠራ በሳምንት 72፣ በወር ወደ 310 ሰዓት ይመጣል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመደበኛ ሥራ ጣሪያ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ በወር ወደ 208 ይሆናል። ባለሱቁ የአንድ ተቀጣሪን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል እየሠራ ነው።

አሁን ዋጋውን እናውጣ። «እኔን የሚተካ ሰው በስንት ይቀጠራል?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ሆኖም እሱ የሚነግረን ሥራው ስንት እንደሚያወጣ ነው። ለኢኮኖሚያዊ ትርፍ የሚያስፈልገው ሰውየው ሌላ ቦታ ስንት እንደሚያገኝ ነው። ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ። ይህ ባለሱቅ የንብረት ክፍል ልምድ ኖሮት በ24,000 ብር የሚቀጥረው ድርጅት ካለ የሰዓቱ ዋጋ 24,000 ለ208 ተካፍሎ ወደ 115 ብር ነው። በሱቁ የሚያገኘው ግን 25,000 ለ310 ተካፍሎ ወደ 81 ብር ነው። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይህን ቁጥር ነው፤ ደመወዝ ገምቶ ከመቀነስ ይልቅ የቀረውን ብር ለሰዓት ማካፈል ራስን ለማታለል ቦታ አይሰጥም።

ኢኮኖሚያዊ ትርፉን በብር ካላችሁ፣ 24,000 ብቻ ከተቀነሰ 1,000 ብር ይተርፋል። 310 ሰዓቱ ሁሉ በ115 ብር ከተሰላ ግን ወደ 10,700 ብር ገደማ ኪሳራ ነው። እውነቱ በሁለቱ መካከል ነው፤ ከ208 በላይ ያሉትን 102 ሰዓቶች በዚያው ዋጋ የሚገዛው ላይገኝ ይችላልና። አዋጁ ለቀን ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈል ስለሚል አንዳንዶች በዚያ ያሰላሉ፤ እኔ አልስማማም። ማንም ያላቀረበላችሁ ክፍያ የታጣ ገቢ አይደለም። የቀረበ ሥራ ከሌለም 24,000 ብሎ መጻፍ አይቻልም። ያለፈው ደመወዛችሁም ሆነ «ይገባኛል» የምትሉት መለኪያ አይሆንም፤ ዛሬ ደውላችሁ የምታገኙት ብቻ ነው።

የደመወዙ ቁጥር ከግብር በፊት ከሆነ ትርፉም ከግብር በፊት ይሁን። እጅ ላይ የሚደርስ ደመወዝን ግብር ካልተከፈለበት ትርፍ ጋር ማወዳደር በብዛት የማየው ስህተት ነው፤ ሁሌም ሱቁን አስውቦ ያሳያል።

ሌላው የሚረሳው የቤተሰብ ሰዓት ነው። ባለቤቱ ለእራት ሲገባ ሚስቱ በቀን 3 ሰዓት ብትሸጥ በወር 90 ሰዓት ነው። ተደምሮ 400 ሰዓት ሲሆን የሰዓቱ ገቢ ወደ 62 ብር ከሃምሳ ይወርዳል። የእሷ ሰዓት የሚለካው እሷ ሌላ ቦታ በምታገኘው እንጂ በእሱ አይደለም፤ ሙያ ካላት ከእሱ ሊበልጥም ይችላል።

ውጤቱ ይህን ሲመስል ወዲያው ዝጉ አልልም። መጀመሪያ ሰዓቱን በክፍለ ጊዜ እከፍለዋለሁ። ማታ ከ12 እስከ 3 ሰዓት 5,000 ብር ከተሸጠ፣ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ባለው 15 በመቶ ልዩነት 750 ብር፣ በሰዓት 250 ብር ነው። ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት 1,200 ብር ብቻ ከተሸጠ 180 ብር፣ በሰዓት 60 ብር ነው። እነዚያ ሦስት ሰዓቶች ላይ ተቀጣሪው ልጅ አለ፤ ባለቤቱ አብሮ መቀመጡ ምንም አይጨምርም። ለልጁ 2,000 ብር ጨምሮ በወር 26 ቀን ብቻውን ቢተውለት የባለቤቱ ሰዓት ወደ 232 ይወርዳል፤ የቀረው 23,000 ብር በሰዓት ወደ 99 ይሆናል። አሁንም ከ115 በታች ነው፤ ነፃ የወጡት 78 ሰዓቶች ግን ሌላ ገቢ ሊያመጡ ይችላሉ። የሚፈራው ዕቃ መጥፋቱ ነው። ለዚህ ሁሉን መቁጠር አያስፈልግም፤ ውድ የሆኑትን ሁለት ዕቃዎች፣ ለምሳሌ ዘይትና የዱቄት ወተት፣ 7 ሰዓትና 10 ሰዓት ላይ ቆጥሮ ከሽያጩ ጋር ማስተያየት ይበቃል።

ስሌቱ ከምንም በላይ የሚያስፈልገው የቤተሰብ ሽርክና ላይ ነው። ውጭ አገር ያለ ወንድም 800,000 ብሩን ይልካል፣ እህት ሱቁን ትሠራለች፣ ክፍሉ የእናት ነው፤ ትርፉን «እኩል እንካፈላለን» ይላሉ። 22,000 ለእሱ፣ 22,000 ለእሷ። በዚህ አካሄድ ወንድም በዓመት 264,000 ብር፣ ማለትም የገንዘቡን 33 በመቶ ያገኛል፤ እህት በሰዓት 71 ብር ትሠራለች፤ እናት ምንም አታገኝም። ቂሙ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ የተሰረቀ ብር ግን የለም። እኔ ቅደም ተከተሉን በጽሑፍ አስቀምጣለሁ፦ ለእህት ሌላ ቦታ የምታገኘው 24,000፣ ለእናት የክፍሉ 11,000፣ ለወንድም የገንዘቡ 8,000። እኩል የሚካፈሉት ከዚያ በኋላ የሚተርፈውን ነው፤ በዚህ ሱቅ 1,000 ብሩን።