ከሆቢ በታች የተቀበረችው መስመር

የምሠራው ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ነው። ለጀማሪ የንብረት ሂሳብ ሠራተኛ ማስታወቂያ አውጥተን «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» ካልን አለቀ፤ ማመልከቻው ጠረጴዛ ይሞላል። ከደሴ ይመጣል፣ ከሐይቅ ይመጣል፣ ከከሚሴ ይመጣል። ሲቪዎቹ ግን ከአንድ እጅ የወጡ ይመስላሉ። ነገሩ እውነት ነው፤ ኮምፒዩተር ቤቱ አንድ ፎርማት አለው፣ ስም እየቀየረ ያትማል። አንዴ እንዲያውም መጨረሻ ላይ «ከላይ የሰፈረው እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» ከሚለው ሥር የሌላ ሰው ስም የቀረበት ሲቪ ደርሶናል።

የተመረጡት ስም ዝርዝር በተለጠፈ ማግስት አንዲት ልጅ ከደሴ ሐረጎን ወርዳ ቢሮዬ መጣች። አካውንቲንግ የተመረቀች ናት።

«ጋሼ፣ ምን ጎድሎኝ ነው የቀረሁት? ልምድ እንዳይሉኝ ራሳችሁ ዜሮ ዓመት ነው ያላችሁት።»

እውነቷን ነው። ምርጫው ስላለቀ ሲቪዋን ከፋይል አውጥቼ አብረን አየነው። ሦስት ገጽ ነው። መግቢያው ላይ ጠንካራ ሠራተኛ ነኝ፣ ጫና እችላለሁ፣ በቡድን መሥራት እወዳለሁ ይላል። ቀጥሎ የትውልድ ቦታ፣ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ። ከዚያ ትምህርት፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ «2013 – 2024» የሚል ተጽፏል። የገባችበትን በኢትዮጵያ፣ የወጣችበትን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፋው ነው። ለሚያነብ ሰው ዲግሪዋን በ11 ዓመት የጨረሰች ነው የምትመስለው! ሲቪው በእንግሊዝኛ ከሆነ ዘመኑም እስከ መጨረሻው በፈረንጅ ይሁን አልኳት።

ከዚያ የወሰደቻቸው ኮርሶች በሙሉ ተደርድረዋል። የመመረቂያ ጥናቱ ርዕስ ብቻውን ሦስት መስመር በልቷል። ከሆቢ በታች፣ ከመጽሐፍ ማንበብና ሙዚቃ ማዳመጥ ቀጥሎ፣ «በበጎ ፈቃድ ሥራ ተሳትፌያለሁ» ትላለች። በቃ።

መጀመሪያ የኮሚቴውን ቅጽ አሳየኋት። ባዶውን ነው፣ የማንንም ነጥብ አላሳየሁም። ሲቪ ስናጣራ እያንዳንዱን ታሪክ ቁጭ ብለን አናነብም። ቅጹ ላይ የትምህርት መስክ፣ የዲግሪ ደረጃ፣ የምረቃ ዓመት፣ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለማለፍ የሚሉ ዓምዶች አሉ። እነዚህን ፈልጎ ለማግኘት ገጽ የሚያስገለብጥ ሲቪ አንባቢውን ገና ከጅምሩ ያደክማል። ስለዚህ ለአዲስ ተመራቂ ከስምና ከስልክ ቀጥሎ ትምህርት ይምጣ፤ ዲግሪው ብቻ፣ ከነመውጫ ፈተናው። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ያለው ይውጣ። «ጂፒኤዬ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ልደብቀው?» አለችኝ። የተማሪ ውጤቷን ኮፒ አብራ ታያይዝ የለ እንዴ! ማንን ነው የምትደብቀው? ማስታወቂያው ከጠየቀ ይጻፍ።

እነዚያ ዓምዶች ግን አላፊውን ከወዳቂው ነው የሚለዩት። ካለፉት መሃል ማንን እንጥራ ሲባል የፋይናንስ ኃላፊዋ የምትፈልገው ሌላ ነው፤ ዕቃ ሲገባና ሲወጣ በእጁ መዝግቦ የሚያውቅ ሰው።

«ይቺ በጎ ፈቃድ ምንድን ናት?» አልኳት።

ነገሩን አቃለለችው። በ2013 ክረምት ከሰሜን ወሎ ተፈናቅለው ደሴ የገቡ ሰዎች ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠልለው ሲቆዩ፣ በአንዱ ትምህርት ቤት እርዳታ ስታድል ነበር። «ዱቄትና ዘይት ነው ጋሼ፣ ምኑ ይጻፋል?»

«ማን ነበር የሚመዘግበው?»

«እኔ ነበርኩ፤ ደብተር አስምሬ።»

ወረቀት ሰጥቻት ደብተሩ ምን እንደሚመስል እንድታሰምርልኝ ጠየቅኳት። ቀን፣ ከማን ወይም ለማን፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ከወጪ ቀሪ። ይሄ እኮ ቢን ካርድ ነው! መጋዘናችን ውስጥ በየመደርደሪያው የተንጠለጠለው ካርድ ዓምዶቹ እነዚሁ ናቸው። ማታ ማታ የተረፈውን ቆጥራ ከደብተሩ ጋር ታመሳክር ነበር። ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ሲሆን የምናደርገው ይህንኑ ነው።

እናም ያቺን መስመር ከሆቢ ሥር አውጥተን ከትምህርት ቀጥሎ አስቀመጥናት። እንዲህ ሆነች፦ «ለተፈናቃዮች መጠለያ የእርዳታ ዕቃ መዝጋቢ (በጎ ፈቃደኛ)፤ ነሐሴ – መስከረም። የዱቄት፣ የዘይትና የብርድ ልብስ ገቢና ወጪ በየዕለቱ መዝግቤያለሁ። በየምሽቱ ቆጠራውን ከመዝገቡ ጋር አመሳክሬያለሁ፤ ልዩነት ሲገኝ ምክንያቱን አጣርቻለሁ።» ስንት አባወራ እንደነበረ ልትጨምር ፈለገች። ግን አንዴ 300 አለች፣ አንዴ 500። ተጠይቃ ልትቆምለት የማትችለው ቁጥር ይቅር አልኩ።

ርዕሱ ላይ ተከራከርን። ጓደኞቿ «የሥራ ልምድ» ብለሽ ጻፊው ብለዋታል። አይሆንም። የግል ድርጅት የሥራ ልምድ ሲቀርብ ብዙ ቀጣሪ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃል። በጎ ፈቃድ ደመወዝ የለው፣ ግብር ከየት ይመጣል? ማስረጃው ሲጠፋ እውነተኛው ሥራ ራሱ ውሸት ይመስላል። «የበጎ ፈቃድ አገልግሎት» ተብሎ በስሙ ሲጠራ ግን አስተባባሪው ማህተም ያለበት አጭር ደብዳቤ ቢጽፍላት ይበቃል። ከማመልከቷ በፊት ሄዳ እንድታጽፍ፣ ሰውየውን ለምስክርነት ስልኩን ልስጥ ወይ ብላም እንድታስፈቅድ ነገርኳት። ሳይነገረው በድንገት ተደውሎለት «የቷ ልጅ?» ያለ ምስክር አጋጥሞኛል።

ጥናቱን ከሦስት ልጆች ጋር ነው የሠራችው። ርዕሱን አሳጠርነውና የራሷን ድርሻ ጻፍን፤ መጠይቁን ኤክሴል ላይ ያስገባችውም፣ የተሳሳተውን ለይታ ያስተካከለችውም እሷ ነበረች። ከኮርሶቹ አራቱን ብቻ ተውን፦ ኮስት አካውንቲንግ፣ ኦዲቲንግ፣ የዕቃ ክምችት ሂሳብ የተማረችበት ኢንተርሚዲየት አካውንቲንግና ፒችትሪ የሠራችበት የኮምፒዩተር ሂሳብ። ፒችትሪ አጠገብ «በሚገባ እችላለሁ» ብላ ነበር። ላብ ውስጥ ምን ሠራሽ ስላት የአንድ ምናባዊ ድርጅት የአንድ ወር ሂሳብ ከፍታ እንደዘጋች ነገረችኝ። እሱኑ ጻፍን። «በሚገባ» የሚለው ቃል ምን እንደሠራች አይናገርም፤ ይሄኛው ይናገራል።

ሦስቱ ገጽ አንድ ሆነ። «ጋሼ፣ ባዶ አይመስልም?» ብላ ሰጋች። አብሽሪ አልኳት።

ያንን ሲቪ ይዛ ሌላ ድርጅት አመለከተች። ከቃለ መጠይቁ ወጥታ ደወለችልኝ። የቃለ መጠይቁን አብዛኛውን ሰዓት የበላችው ያቺው የመጠለያዋ መስመር ናት። «ቆጠራው ከመዝገቡ አልገጥም ያለበት ቀን ነበር? ምን አደረግሽ?» ተባለች። ዘይት የጎደለበትን ምሽት ነገረቻቸው። ተረካቢዎች የፈረሙበትን ዝርዝር ከደብተሩ ወጪ ዓምድ ጋር አንድ በአንድ ስታስተያይ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሌላ ልጅ አድሎ ደብተሩ ላይ ያልጻፈው ተገኘ። ከዚያ ኤክሴል ፈተኗትና ቀጠሯት።

በቅርቡ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዛ ደወለች። አሁን ልምድ ይዣለሁ፣ ኮርሶቹንና በጎ ፈቃዱን ላውጣቸው ወይ ነው የምትለው። ኮርሶቹ ይውጡ፣ ሥራው ራሱ ይናገርላቸዋል። የሥራ ልምዷ ከትምህርት በላይ ይውጣ። በጎ ፈቃዷ ወደ ታች ትውረድ፣ ሁለት መስመር ይበቃታል። ከሆቢ በላይ ግን ትሁን። ሆቢው እንዲያውም ቢጠፋ ይሻላል።