ክፍያ ለ58 ደቂቃ ቆሞብን ነበር፤ ሪፖርቱን ስጽፍ ያገኘሁት

የምሠራበት ድርጅት የክፍያ ሲስተም አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቆመ። ሪፖርቱን የመጻፍ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ሰዓቱ ነው። ስልክ የሚያነሱት ልጆች ማስታወሻ «6:26 ላይ መደወል ጀመሩ» ይላል። የባንኩ መዝገብ መዘግየቱ የጀመረው 12:12 ላይ ነው ይላል። የእኛ ሰርቨር ሎግ ደግሞ በዩቲሲ ስለሆነ ያንኑ ደቂቃ 9:12 ብሎ መዝግቦታል። ሁሉንም ወደ ሀገራችን አቆጣጠር ካመጣሁ በኋላ ነው ነገሩ የታየኝ፦ ችግሩ የጀመረው 6:12 ነው፣ እኛ ግን የሰማነው ከ14 ደቂቃ በኋላ ከደንበኞች ነው። የሲስተሙን ጤና የሚከታተለው መቆጣጠሪያችን ድረ ገጹ መከፈቱን ብቻ ስለሚያይ ምንም አላለም።

6:31 ላይ ሰርቨሩን ሪስታርት አደረግን። ለጥቂት ደቂቃ ሠራና 6:40 ላይ መልሶ ቆመ። 6:58 ላይ አንዱ ባልደረባችን ዳታቤዙ ላይ ይህን ጠየቀ፦

```sql
SELECT state, count(*)
FROM pg_stat_activity GROUP BY state;
```

ያሉን 20 ኮኔክሽኖች በሙሉ `idle in transaction` ላይ ነበሩ። ትራንዛክሽን ከፍተው ምንም ሳይሠሩ ይጠብቃሉ ማለት ነው። የባንኩን መልስ የምንጠብቅበትን ታይምአውት ከ60 ወደ 10 ሰከንድ አውርደን 7:10 ላይ ክፍያ ተመለሰ።

የመጀመሪያው ረቂቄ «መንስኤ፦ ባንኩ ዘገየ» ይል ነበር። ሰረዝኩት። ባንክ ይዘገያል፣ ነገም ይዘገያል። ጥፋቱ የእኛ ኮድ ላይ ነው፦ ትራንዛክሽን ይከፍታል፣ ክፍያውን ይመዘግባል፣ ከዚያ ትራንዛክሽኑን ሳይዘጋ የባንኩን መልስ ይጠብቃል። ባንኩ በ1 ሰከንድ ሲመልስ 20 ኮኔክሽን በሰከንድ 20 ክፍያ ያስተናግዳል። መልሱ 40 ሰከንድ ሲፈጅ ግን በሁለት ሰከንድ አንድ ክፍያ ብቻ ነው የሚያልፈው።

ከሁሉም የከፋው ሪስታርቱ ነው። ያልተዘጋ ትራንዛክሽን ሲቋረጥ ዳታቤዙ የጻፈውን ይሰርዘዋል። ባንኩ ግን ገንዘቡን ቆርጧል። እኛ ጋ ምንም መዝገብ ስለሌለ ደንበኛው «አልተሳካም» ተብሎ ድጋሚ ከፈለ። ሁለቴ የከፈሉትን ለማግኘት የባንኩን ዝርዝር ከእኛ ጋር በማጣቀሻ ቁጥር አንድ በአንድ አመሳከርን፣ ገንዘባቸውንም መለስን። ይህን ክፍል በሪፖርቱ ሰፋ አድርጌ ጻፍኩት፣ ምክንያቱም ሰው የተጎዳው እዚህ ላይ ነው።

«ጥንቃቄ ይደረግ» የሚል ነገር አላስገባሁም። እያንዳንዱ ሥራ ባለቤትና ቀን አለው። ክፍያው አሁን መጀመሪያ «በሂደት ላይ» ተብሎ ተመዝግቦ ትራንዛክሽኑ ይዘጋል፣ ባንኩ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። መልስ ካልመጣ «አልተሳካም» አንልም፤ በዚያው ማጣቀሻ ቁጥር ባንኩን መልሰን እንጠይቃለን። ኮኔክሽን ለማግኘት ወረፋ ከተፈጠረ ደግሞ ማንቂያ ይደውላል።

ባለፈው ሳምንት በሙከራ ሰርቨር ላይ የባንኩን መልስ ሆን ብለን በ40 ሰከንድ አዘገየነው። ከ3 በላይ ኮኔክሽን አልተያዘም።