ለቀቅሽ እንዴ?

ጥር 21 ጠዋት የሰው ሀብት ባልደረባችን ወረቀት ይዘው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ። ቢሮው በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ለቀቅሽ እንዴ?» አሉኝ። የያዙት ክሊራንስ ነው። ስሜ ተሞልቶበታል። ከሥር የንብረት ክፍል፣ የፋይናንስ፣ የአይቲ ፊርማ ቦታ ተደርድሯል።

እኔ የለቀቅኩት ነገር የለም። ከአንድ ቀን በፊት ያስገባሁት የፈቃድ ደብዳቤ ነው። እናቴ ደሴ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል፤ ከእኔ ሌላ የሚያስታምማት የለም፤ የዓመት ፈቃዴን ደግሞ ለገና አሟጥጬዋለሁ። ስለዚህ ያለ ደመወዝ የ30 ቀን ፈቃድ ለመጠየቅ ቁጭ ብዬ በአማርኛ ጻፍኩ፦

«ጉዳዩ፦ ያለ ክፍያ ፈቃድ ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ወላጅ እናቴ በደረሰባት ድንገተኛ አደጋ በሕክምና ላይ የምትገኝ በመሆኗና ከእኔ በስተቀር አስታማሚ የሌላት በመሆኑ፣ ከየካቲት 1 እስከ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሥራዬ የምለይ ስለሆነ፣ ያለ ክፍያ ፈቃድ እንዲሰጠኝ ስል በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።»

ምንም አይወጣለትም አልኩ። (በርዕሱ ስለ እናቴ የተገለጸ አንዳች ነገር እንደሌለ ያየሁት በኋላ ነው፤ ግን ይህን ሐረግ ሳንጽፍ ደብዳቤ የምንጀምር ስንቶቻችን ነን?) ሥራ አስኪያጃችን ኬንያዊት ስለሆኑ አማርኛ አያነቡም። የአማርኛው ለፋይሌ፣ የእንግሊዝኛው ለእሳቸው ይሁን ብዬ ቃል በቃል ገለበጥኩት። የምለይ ስለሆነ ያልኩትን «አይ ዊል ቢ ሰፐሬትድ ፍሮም ወርክ» አደረግሁት። ያለ ክፍያ ፈቃድ «ፐርሚሽን ዊዝአውት ፔይመንት» ሆነ። የካቲት 1 ደግሞ «ፌብሯሪ 1»። ማታ ላክሁት።

ጋሼ የሥራ አስኪያጇን መልስ አስነበቡኝ። ስለ እናቴ በጣም እንዳዘኑ፣ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ መስጠት ያለበትን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንደማይጠይቁኝ፣ ክፍያ ባልፈልግም የሚገባኝ ሁሉ ተሰልቶ እንዲሰጠኝ ማዘዛቸውን ጽፈዋል። ደግ ሴት ናቸው። ተናድጄ ብሆን ይቀለኝ ነበር።

ጋሼ ወንበር ስበው ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ዘረጉ። ጣታቸውን መጀመሪያ ያሳረፉት «ሰፐሬትድ» ላይ ነው። በአማርኛ ከሥራ መለየት ለሦስት ቀንም ሊሆን ይችላል፤ ተመልሶ መምጣትን አይከለክልም። በእንግሊዝኛ የሰው ሀብት ቋንቋ ግን «ሰፐሬሽን» ማለት ውሉ ተቋርጦ መሄድ ነው። ፈቃድም እንደዚያው ሁለት ፊት አለው። መንጃ ፈቃድ፣ የአባት ፈቃድ፣ የዓመት ፈቃድ እያልን በአንድ ቃል እንገላገላለን፤ እንግሊዝኛው ለሥራ ዕረፍቱ «ሊቭ» የሚል የራሱ ቃል አለው። «ፐርሚሽን ዊዝአውት ፔይመንት» ያልኩት፣ ክፍያ ሳልቀበል ልሂድ ብላ ፈቃድ ጠየቀች ተብሎ ተነበበ። ማለት የነበረብኝ «አንፔይድ ሊቭ» ነው።

ከሁሉም የከፋው ቀኑ ነበር። የካቲት ፌብሯሪ ነው ብለን እንማራለን እንጂ ወሮቹ እኩል አይጀምሩም። የ2017 የካቲት 1 የዋለው ፌብሯሪ 8 ቀን 2025፣ ቅዳሜ ነው። እኔ ከፌብሯሪ 1 ስል ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ደመወዟን ተቀብላ የምትሄድ ሰው መሰልኩ፤ ከ«ሰፐሬትድ» ጋር ልክክ አለ። ፍንጩ እዚያው ደብዳቤ ላይ ነበር። ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ «ለመሆኑ ፌብሯሪ 30 የት ነው ያየሽው?» አሉ። የእኛ የካቲት 30 ቀን አለው፤ የዚያ ዓመት ፌብሯሪ በ28 ያልቃል።

ሳቅን። ቀጥሎ የተናገሩት ግን አላሳቀኝም። ስህተቱ ሳይታይ ፈቃዱ ቢጸድቅ ኖሮ ደመወዜ ከፌብሯሪ 1 ይቆረጥ ነበር። እኔ እስከ ጥር 30 ማለትም እስከ ፌብሯሪ 7 ሥራ ላይ ነኝ። ደመወዜ 24,000 ብር ነው፣ ፋይናንሳችን ለ30 ያካፍላል፣ በቀን 800 ብር። የ7 ቀን 5,600 ብር ለእናቴ መድኃኒት ስፈልገው ይጎድል ነበር። ከዚያ የባሰው መመለሻው ነው፦ ማርች መጀመሪያ ላይ ትገባለች ተብዬ ስጠበቅ እኔ ደሴ ነኝ፣ ቀሪ ተብዬ ይመዘገባል።

እንግሊዝኛውን ብቻ አርሜ ልልክ ስል ጋሼ አማርኛውንም ሳቡት። «ይሄም አይጠራም። ርዕሱ ሲቀር፣ ምን እንደምትፈልጊ የሚታወቀው መጨረሻው ላይ ነው።» እውነታቸውን ነው። ትሕትናዬን ከፊት ደርድሬ ጥያቄዬን ከኋላ ደብቄዋለሁ። ደግሞ ከምጠይቀው ውስጥ የትኛው መብቴ፣ የትኛው ልመና እንደሆነ አልለየሁም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 81 ልዩና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ ይሰጣል፤ በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ። ከዚያ በላይ ያለው በአሠሪው በጎ ፈቃድ ነው። ከተፈቀደ ግን ውሉ ለጊዜው ይታገዳል እንጂ አይቋረጥም፤ ጊዜው ባለቀ ማግስት ሥራ ላይ መገኘት የሠራተኛው ግዴታ ነው።

አዲሱ አማርኛ እንዲህ ወጣ፦

«እናቴን ለማስታመም ከየካቲት 1 እስከ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. (ከፌብሯሪ 8 እስከ ማርች 9 ቀን 2025) ለ30 ተከታታይ ቀናት ያለ ደመወዝ ፈቃድ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት በአዋጁ አንቀጽ 81 መሠረት፣ ቀሪዎቹ በእርስዎ በጎ ፈቃድ እንዲታዩልኝ ነው። በሌለሁበት ሥራዬን የሚሸፍነውን ባልደረባ ከቅርብ ኃላፊዬ ጋር ተስማምተንበታል። ሰኞ መጋቢት 1 ቀን (ማርች 10) ሥራ እገባለሁ። የሐኪም ማስረጃ አያይዣለሁ።»

ይህ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር አልታገለኝም። ያስቸገረኝ «እርስዎ» ብቻ ነው፤ እንግሊዝኛው አንቺንም እርስዎንም «ዩ» ብሎ ያልፋል። «ሃምብሊ» እና «ቤግ» እየጨመርኩ ላካክሰው ስል ጋሼ ሰረዙብኝ። «አይ ዉድ ላይክ ቱ ሪክዌስት» ይበቃል፣ አክብሮቱ እዚያው ውስጥ አለ አሉኝ። በአማርኛ «እንዲሰጠኝ» ብሎ መጻፍ «ስጡኝ» ከማለት እንደሚለየው መሆኑ ነው። መጨረሻ ላይ፣ ትናንት የላክሁት መልቀቂያ አይደለም፣ በትርጉም ስህተት የመጣ ነው የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አከልኩ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጇ ራሳቸው መጡ። ፈቅደዋል። «እኔም ፌብሯሪ 30 ግራ ገብቶኝ ነበር፣ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ምን ብዬ ልጠይቅ ብዬ ተውኩት» አሉኝ።

ክሊራንሱ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ጀርባው ላይ ጋሼ በእርሳስ የካቲትን ከፌብሯሪ ያስታረቁበት ስሌት ይታያል። ከፊት አንድ ክፍል ብቻ ነው የሞላው፤ ወሬው ቀድሞ ደርሶት ኖሮ፣ የንብረት ክፍሉ ልጅ «ላፕቶፕና አንድ ስቴፕለር አልመለሰችም» ብሎ ፈርሞበታል።