የቤት ወጪ ሰንጠረዥ፦ ቀሪው ከኪስ ጋር እንዲገጥም

ጎንደር ላይ የቤታችንን የወር ሂሳብ በኤክሴል የምይዘው በስድስት ዓምዶች ነው፦ ቀን፣ ዝርዝር፣ ዓይነት፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። ለእያንዳንዱ ወር የራሱ ሺት አለው። ኤክሴል የእኛን ዘመን አቆጣጠር ስለማያውቅ ቀኑን ከ1 እስከ 30 በቁጥር ብቻ እጽፋለሁ። ጳጉሜን ከነሐሴ ሺት ላይ ነው የምቀጥላት፤ ደመወዝ የላትም፣ ወጪ ግን አላት።

ሁለተኛው ረድፍ ካለፈው ወር የዞረው ነው፤ ገቢ ሥር ይገባል። 1,200 ብር ዞሯል እንበል። ቀጥሎ ደመወዝ 14,000፣ ኪራይ 5,000፣ ዕቁብ 2,000፣ ዕድር 100፣ ከቅዳሜ ገበያ የተገዛ ጤፍ 3,000። ቀሪው 5,100 ይሆናል።

መጀመሪያ F3 ላይ የተጠቀምኩት ቀመር ከላይ ያለውን ቀሪ የሚያወርደው ነበር፦

```
=F2+D3-E3
```

ይህ ረድፍ እስኪጨመር ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው። በኪራይና በዕቁብ መካከል የተረሳ የ150 ብር መብራት ላስገባ ስል የዕቁቡ ረድፍ አዲሱን ዘሎ የኪራዩን ቀሪ ማየቱን ቀጠለ። ቀሪው 4,950 መሆን ሲገባው 5,100 ላይ ቆመ፤ ስህተት የሚል ምልክትም የለም። ረድፍ ሲሰረዝ ግን ከሥር ያለው ሁሉ `#REF!` ይላል፤ ይህኛው ቢያንስ ይታያል። ስለዚህ F2 ላይ ይህን ጽፌ ወደ ታች ጎተትኩት፦

```
=SUM(D$2:D2)-SUM(E$2:E2)
```

የዶላር ምልክቱ መነሻውን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያስረዋል። መሃል ላይ ረድፍ ቢገባ ከሥሩ ያሉት ድምሮች አብረው ይሰፋሉ፤ የሚቀረው ቀመሩን ለአዲሱ ረድፍ መቅዳት ብቻ ነው።

ይህኛውም ድክመት አለው። አንድ ሰው «3000 ብር» ብሎ ከጻፈ ሴሉ ቁጥር መሆኑ ቀርቶ ጽሑፍ ይሆናል፣ `SUM` ደግሞ ጽሑፍን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ጤፉ ሳይቀነስ ይቀራል ማለት ነው። ጽሑፍ የሆነው ወደ ግራ ስለሚጠጋ በዓይን ይለያል፤ እኔ ግን ዳር ላይ ይህን አስቀምጫለሁ፤ ከዜሮ ሌላ ካሳየ ጽሑፍ የሆነ ሴል አለ፦

```
=COUNTA(D2:E60)-COUNT(D2:E60)
```

ዓይነት በሚለው ዓምድ «ቋሚ» ወይም «ተለዋዋጭ» ይገባል፤ ኪራይ፣ ዕቁብና ዕድር ቋሚ ናቸው፣ ጤፍ፣ መብራትና ባጃጅ ተለዋዋጭ። የቋሚዎቹን ድምር ይህ ያወጣል፦

```
=SUMIF(C2:C60,"ቋሚ",E2:E60)
```

ውጤቱ 7,100 ነው፤ ከደመወዙ ለተለዋዋጩ የሚተርፈው 6,900 ብር ብቻ መሆኑ ወሩ ሲጀመር ይታወቃል። ዕቁቡ ሲደርስ ገቢ ሥር እጽፈውና ዓይነቱን «ዕቁብ» እለዋለሁ። ቀሪው ላይ መግባት አለበት፤ ደመወዝ መስሎ ከታየ ግን የሚቀጥለው ወር በሌለ ገንዘብ ይታቀዳል።