370 ምን?

ይህን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ጋሼን አፍራለሁ። ዲትሮይት ውስጥ የጭነት መኪና ሾፌሮችን የማሰማራ ዲስፓቸር ነበርኩ። ጋሼ ከሾፌሮቻችን ሁሉ አንጋፋው ናቸው። የዚያን ቀን ከቶሮንቶ ጭነው ወደ እኛ እየመጡ ነው። የማራገፊያ ቀጠሯቸው ከቀኑ 8 ሰዓት።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ስንት ቀረዎት?»

«370። አራት ሰዓት ብትል ነው፣ ልጄ።»

አሜሪካ ሀይዌይ ላይ ከባድ መኪና በሰዓት 60 ማይል ገደማ ይሄዳል። አንድ ማይል በአንድ ደቂቃ ማለት ነው። ስለዚህ የቀረውን ማይል ሰምተን እንደ ደቂቃ መቁጠር ልማዳችን ነው። 370 ደቂቃ ከስድስት ሰዓት ይበልጣል። ድንበሩ ሲጨመርበት 8 ሰዓት አይደርሱም። «አራት ሰዓት» ያሉትን ለማጽናናት ነው ብዬ አለፍኩት። መጋዘኑ ደውዬ ቀጠሮውን አስቀየርኩ። የሰጡኝ በማግስቱ ንጋት 12 ሰዓት ነው።

ጋሼ ሩብ ጉዳይ ለ8 በሩ ላይ ቆመው ደወሉልኝ። ጥበቃው «ስምህ የለም» ብሎ መልሷቸዋል።

«ልጄ፣ አራት ሰዓት አላልኩህም?»

«370 ብለውኝ እኮ ነው!»

«የካናዳ መንገድ ላይ ሆኜ በምን ልንገርህ? በኪሎሜትር ነዋ!»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። እሱ ነው የከበደኝ። መጋዘኑን ብለምን ብለምን የሄደው ቀጠሮ አልተመለሰም። ያን ሌሊት መኪናቸው ውስጥ አደሩ።

እኔን የሚቆጨኝ መልሱ እጄ ላይ እንደነበር ነው። ሁለቱንም ቁጥር ነግረውኛል። 370ን ለ4 ባካፍል 92 ይመጣል። በሰዓት 92 ማይል የሚበር ከባድ መኪና የለም። ቶሮንቶ ባለችበት በኦንታሪዮ ውስጥማ ከባድ መኪና በሰዓት ከ105 ኪሎሜትር እንዳያልፍ በሕግ ይገደባል፤ እሱም 65 ማይል ገደማ ነው። 92 ግን በኪሎሜትር ሲታይ ደንበኛ የሀይዌይ ፍጥነት ነው። ስልሳ አካባቢ ቢመጣ ኖሮ ማይል ነው እል ነበር።

ማይሉን ለማወቅም ካልኩሌተር አያስፈልግም። የ370 ግማሽ 185 ነው። አንድ አሥረኛውን፣ 37ን፣ ስጨምርበት 222 ይሆናል። ትክክለኛው 230 ነው፤ በስልክ ለሚሰጥ ግምት ይበቃል። 230 ደቂቃ ደግሞ አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ልክ ጋሼ እንዳሉት።

ይህ ማካፈል ከተማ ውስጥ አያስተማምንም። መኪናው በመብራትና በመጨናነቅ ሲጎተት 40 ቢመጣ ማይልም ኪሎሜትርም ሊሆን ይችላል። እዚያ ጠይቆ ማረጋገጥ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ከዚያ ወዲህ ሾፌር ቁጥር ሲነግረኝ «ምን?» ሳልል ስልክ አልዘጋም። ጋሼ ግን ሳልጠይቃቸው ቀድመው ይነግሩኛል፦ «180፣ ኪሎሜትር፣ ልጄ።»